መመለስ መቼ ይጥማል? የሜትሮይድቫኒያ ዓለም ንድፍ መመዘኛ

ሜትሮይድቫኒያ የሚባለው የቪዲዮ ጨዋታ ዓይነት ስሙን ያገኘው «ሜትሮይድ» እና «ካስልቫኒያ» ከተባሉት የጃፓን ጨዋታዎች ሲሆን፣ ከሌሎች የሚለየው ተጫዋቹ አንዱን ደረጃ ጨርሶ ወደሚቀጥለው የሚሻገር ሳይሆን፣ ክፍሎቹ እርስ በርስ በተያያዙ በአንድ ሰፊ ዓለም ውስጥ እየዞረ የሚያስስ በመሆኑ ነው። በዚህ ዓለም ብዙ መንገዶች መጀመሪያ ላይ ዝግ ናቸው፤ የሚከፈቱትም ተጫዋቹ በጉዞው መካከል በሚያገኘው አዲስ ችሎታ፣ ለምሳሌ ከፍ ብሎ በመዝለል ወይም ግድግዳ በማፍረስ ነው። እንዲህ ያለው መሰናክል በዚህ ጽሑፍ «የችሎታ በር» ይባላል፤ በሩን ለመክፈት ቀድሞ ባለፉበት መንገድ እንደገና መጓዝ ደግሞ «ምልልስ» ይባላል። ምልልስ የዘርፉ ደስታም ሸክምም ስለሆነ፣ የአንድን ሥራ ደረጃ መለየት የሚፈልግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መመልከት ያለበት የተጫዋቹ የመመለስ ጉዞ እንዴት እንደተነደፈ ነው።

የመጀመሪያው መመዘኛ በሩ ከቁልፉ በፊት መታየቱ ነው። የማያውቁት አገር አይናፍቅም እንደሚባለው፣ ተጫዋቹ አስቀድሞ ያላየውን በር የመክፈት ጉጉት ሊያድርበት አይችልም። ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው «ሱፐር ሜትሮይድ» ውስጥ የሚገኘው የመስታወት መተላለፊያ ነው። ጀግናዋ ሳመስ ብሪንስታር ከተባለው ክልል ወደ ኖርፌር ለመውረድ በውኃ የተከበበ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ታልፋለች፤ በመስታወቱ በኩል ሌላ ዓለም መኖሩ ይታያል፣ ነገር ግን መግቢያ በር የለውም። ተጫዋቹ በዚህ ቱቦ ደጋግሞ ካለፈ በኋላ፣ ፍንዳታው ሰፊ ቦታ የሚያዳርስ «ፓወር ቦምብ» የተባለ መሣሪያ ያገኛል፤ ቦምቡን በቱቦው ውስጥ ሲያፈነዳ መስታወቱ ይሰባበርና ማሪዲያ ወደተባለው የውኃ ክልል መግቢያ ይሆናል። ሲመላለስበት የነበረው መተላለፊያ ራሱ በር ሆኖ ስለሚገኝ፣ ቀደም ያሉት ምልልሶች ሁሉ ከጊዜ በኋላ ትርጉም ያገኛሉ። ጨዋታው መስታወቱ እንደሚሰበር በቃል ባለመናገሩ ፍንጩን ያልያዘ ተጫዋች ለረጅም ጊዜ ሊቸገር መቻሉ እውነት ነው፤ ሆኖም ተጫዋቹ ቦታውን በሚገባ ስለሚያውቀው ፍለጋው ካልታወቀ ነገር አይጀምርም።

ሁለተኛው መመዘኛ ቁልፉ ከመክፈት ሌላ ጥቅም ያለው መሆኑ ነው። ኮናሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው «ካስልቫኒያ፦ ሲምፎኒ ኦቭ ዘ ናይት» እንዲህ ያለ ጥቅም ያለውንም የሌለውንም ቁልፍ በአንድ ቤተ መንግሥት ውስጥ ይዟል። ተጫዋቹ ከቤተ መጻሕፍቱ ጠባቂ በወርቅ የሚገዛው «ጁዌል ኦቭ ኦፕን» የተባለ ዕንቁ ሰማያዊ በሮችን ይከፍታል፤ ከዚያ ውጪ ግን የሚሰጠው ነገር የለም፣ አካሄድንም ሆነ ውጊያን አይለውጥም። በአንጻሩ ጀግናውን አሉካርድን ወደ ሌሊት ወፍ የሚለውጠው ችሎታ ከተገኘ በኋላ፣ ቀድሞ ደረጃ በደረጃ እየተዘለለ የሚወጣበት ረጅም ግንብ በአንድ በረራ የሚታለፍ ይሆናል፤ ጣሪያው ሥር የነበረው የማይደረስበት ጠርዝም ይደረስበታል። ዕንቁው ተጫዋቹን ወደ ጥቂት በሮች ሲልከው፣ ክንፉ ግን የሚያውቀውን ቤተ መንግሥት በሙሉ አዲስ ያደርግለታል። ስለዚህ አንድን ችሎታ የሚመዝን ሰው በሮቹ ሁሉ ቢነሡ ተጫዋቹ ችሎታውን መጠቀሙን ይቀጥል እንደሆነ መጠየቅ ይኖርበታል፤ መልሱ አይቀጥልም ከሆነ፣ የተሰጠው ነገር ችሎታ መስሎ የቀረበ ተራ ቁልፍ ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ ጥልቅ የሆነው መመዘኛ የመመለሻው መንገድ ራሱ ነው፤ ይህንንም የ«ሱፐር ሜትሮይድ» መክፈቻ ከሞላ ጎደል እንደ መማሪያ ያሳያል። ሳመስ ዜቤስ በተባለችው ፕላኔት ላይ ዝናብ በሚጥልበት ሥፍራ ታርፍና በአንድ ረጅም ጉድጓድ ወደ ታች ትወርዳለች፤ በመንገዷ የሚያጠቃት ጠላት የለም፣ ክፍሎቹም ጨለማና ጸጥተኛ ናቸው። ከታች ሰውነቷን ወደ ትንሽ ኳስ የሚያጥፈውን ችሎታ ታገኛለች፤ ቆሞ የሚሄድ ሰው በማያልፍበት ዝቅተኛ ቀዳዳ ተንከባላም የመጀመሪያዎቹን ሚሳይሎች ትወስዳለች። ከዚያ ወዲያ የሚቀራት በወረደችበት መንገድ ተመልሳ መውጣት ነው፤ ነገር ግን ባዶ የነበሩት ክፍሎች አሁን በጠላት ተሞልተዋል፣ ጸጥታውም ተሰብሯል። ጉድጓዱ አልተለወጠም፤ ወርዶ ማለፍና እየተዋጉ መውጣት ግን ሁለት የተለያዩ ድርጊቶች ስለሆኑ ያው ቦታ ሁለት ጊዜ አገልግሎ አንድም ጊዜ አይሰለችም። ወደ ላይ ስትደርስ በሚሳይል ብቻ የሚከፈት ቀይ በር ይጠብቃታል፤ ከበሩ ጀርባ ያለውን የቦምብ መሣሪያ ስታነሳ መውጫው ይቆለፋል፣ መሣሪያውን ይዞ የነበረው ሐውልትም ነፍስ ዘርቶ ይገጥማታል። ድል ካደረገችው በኋላ በተለመደው አካሄድ ከአካባቢው መውጣት የምትችለው ገና ባገኘችው ቦምብ ግድግዳውን አፍርሳ ነው። በዚህ መንገድ ተጫዋቹ አንዲት መስመር ማብራሪያ ሳያነብ የችሎታውን አጠቃቀም በመውጫው ይማራል።

ከዚህ መክፈቻ የሚወጣው የመመዘኛ ደንብ ግልጽ ነው። ተጫዋቹ ወደ ኋላ ሲጓዝ የሚያልፍባቸው ክፍሎች ቢያንስ በአንድ ነገር ካልተለወጡ፣ ማለትም ጠላቱ፣ አቅጣጫው፣ ፍጥነቱ ወይም የሚከፈተው አቋራጭ አዲስ ካልሆነ፣ ጉዞው መንገደኛ ማመላለስ ብቻ ይሆናል። በርከት ያሉ ክፍሎች በተከታታይ እንደነበሩ ሆነው መገኘታቸው ብዙ ጊዜ የድካሙ መነሻ ነው። አንዳንድ ንድፍ አውጪዎች ይህን ጉድለት በፈጣን ማጓጓዣ፣ ማለትም ተጫዋቹን ከአንድ ጣቢያ ወደ ሌላው በቅጽበት በሚያደርስ መንገድ ያክሙታል። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው «ሆሎው ናይት» ውስጥ የሚገኙት የጉዞ ጣቢያዎች ተራርቀው ስለተተከሉ በመካከላቸው ያለው ዓለም በእግር መጎብኘቱ አልቀረም፤ ጣቢያዎች በየጥቂት ክፍሉ የሚገኙበት ጨዋታ ግን መንገዱ መሄድ የማያስደስት መሆኑን በራሱ አንደበት እንደመሰከረ ይቆጠራል።

የሰው ማስታወስ ችሎታ ውስን በመሆኑ፣ ከላይ የተጠቀሰው ሁሉ ቢሟላም ተጫዋቹ ከሳምንት በኋላ ሲመለስ የዘለለውን ጠርዝ ሊረሳው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው «ፕሪንስ ኦቭ ፐርሺያ፦ ዘ ሎስት ክራውን» ለዚህ ቀጥተኛ መፍትሔ አቅርቧል፤ ተጫዋቹ ሊያልፈው ያልቻለውን ቦታ ምስል ቀርጾ በካርታው ላይ መለጠፍ ስለሚችል፣ ሲመለስ የሚጠብቀውን መሰናክል በዓይኑ ያየዋል። ይህ ዘዴ መንገዱን የሚያሳጥር ሳይሆን ጉጉቱን የሚጠብቅ ስለሆነ፣ ፈላጊውን ቀስት እያሳየ ከሚመራ ካርታ ይልቃል፤ ቀስቱ የተጫዋቹን የማስታወስ ደስታ ይወስድበታልና።

ስለዚህ አንድን ሜትሮይድቫኒያ የሚመዝን ሰው አዲስ ችሎታ በተገኘ ቁጥር ጨዋታውን አቁሞ፣ ካርታውን ሳይከፍት፣ ይህ ችሎታ የሚሠራባቸውን ቀድሞ ያያቸውን ቦታዎች ይቁጠር። ሁለት ሦስቱ ወዲያው ወደ አእምሮው ከመጡና ወደ እነርሱ ለመሄድ እግሩ ከቸኮለ፣ ንድፉ የተዋጣለት ነው፤ አንድም ካልመጣለት ግን በሮቹ ምንም ያህል ቢበዙ ዓለሙ መተላለፊያ እንጂ አገር አልሆነም።