የመሠረቱ ሒሳብ ይዘጋል ወይ?

ለአነስተኛ ሕንፃ ጨረታ የተዘጋጀ የሥራ መጠን ዝርዝር ሲደርሰኝ ጠቅላላ ድምሩን ትቼ መጀመሪያ የመሠረቱን ገጽ እገልጣለሁ። ቀለምና ጣሪያ ሕንፃው ከቆመም በኋላ ይለካሉ፤ አፈር የተመለሰበት ሥራ ግን ለክርክር ይዳርጋል።

አዘና ላይ አንድ አነስተኛ መጋዘን ሊሠራ ነው እንበል። የግንቡ ርዝመት ከመሐል እስከ መሐል ሲለካ 10 በ6 ሜትር፣ ዙሪያው 32 ሜትር ነው። የመሠረቱ ቁፋሮ ስፋት 70 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር ከሆነ 22.4 ሜትር ኩብ ይወጣል። ከሥሩ 5 ሳንቲ ሜትር ሊን ኮንክሪት ይፈሳል፤ በካሬ ሜትር ቢጻፍም ወደ ኩብ ሲቀየር 1.12 ነው። በላዩ 50 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የድንጋይ ግንብ እስከ መሬት ወለል 15.2 ይይዛል። በግንቡ ግራና ቀኝ ተመልሶ የሚሞላው አፈር ደግሞ 6.08 ነው። ሦስቱ ሲደመሩ 22.4 ይመጣሉ። ተጭኖ የሚወገደው ትርፍ አፈር 16.32 መሆን አለበት። አፈር ሲቆፈር የሚጨምረው መጠን እዚህ አይገባም፤ ተጫራቹ በነጠላ ዋጋው ያስበዋል። እነዚህ መስመሮች እርስ በርስ ካልተገናኙ ዝርዝሩ ከሌላ ፕሮጀክት የተገለበጠ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ቀጥሎ አለቱን እፈልጋለሁ። በአዊ ደጋ ጥቁር ድንጋይ ከአፈሩ ሥር ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። «በማንኛውም ዓይነት አፈር ቁፋሮ» ብሎ በአንድ መስመር መጻፍ ስጋቱን ሁሉ ተጫራቹ ላይ ይጥላል፤ እሱም ወይ ዋጋውን ያንራል ወይ ሥራውን ይዞ ይጨቃጨቃል። አፈሩና አለቱ ለየብቻ በሜትር ኩብ ይጻፉ።

መለየት ብቻውን ግን አይበቃም። ለስሌት ያህል አለቱ 2፣ አፈሩ 20.4 ሜትር ኩብ ተብሎ ተገምቷል እንበል። አንዱ ተጫራች ለአፈር 200፣ ለአለት 800 ብር ሰጠ፤ ድምሩ 5,680። ሌላው ለአፈር 100፣ ለአለት 1,800 ሰጥቶ በ5,640 ብር አሸነፈ። ቁፋሮው ሲጀመር አለቱ 12 ሆኖ ቢገኝ የመጀመሪያው 11,680፣ አሸናፊው 22,640 ብር ያስከፍሉ ነበር። ክፍያው በተለካው መጠን ልክ ስለሆነ ነጠላ ዋጋው አይቀየርም ብሎ አሸናፊው ይከራከራል፤ ውሉም ብዙ ጊዜ ከእሱ ጋር ነው።

ስለዚህ ዝርዝሩን የምታጸድቁ ሁሉ፣ ጨረታው ከመውጣቱ በፊት በሕንፃው አራት ማዕዘናት የሙከራ ጉድጓድ ተቆፍሮ የአለቱ ጥልቀት መመዝገቡን ጠይቁ። መዝገቡ ከሌለ አትፈርሙ።