በአንድ ግሬን መሸፈን፦ ስለተጋነነ የቅንብር ፎቶ ብልሃት

ከተለያየ ቦታ የተነሱ ፎቶዎችን አጣምሮ አንድ ምስል ስለማውጣት ሲወራ፣ ብርሃኑ ከየት እንደመጣና የፀጉሩ ዳር እንዴት እንደተቆረጠ ብዙ ይባላል። የኖይዙ፣ የግሬኑና የጥርትነቱ ጉዳይ ግን በአንድ ምክር ይታለፋል፦ «መጨረሻ ላይ ከላይ ትንሽ ግሬን ጣልበት፤ ሁሉንም አንድ ያደርገዋል»። ይህ ምክር ከሚገባው በላይ ተወድሷል። ልዩነቱን አያጠፋም፤ ያጠፋ የሚመስለውም ምስሉን በሙሉ እያበላሸ ነው።

ምክሩ ግን ከሰማይ አልወረደም። በፊልም ዘመን ፎቶ ቀጣጣዩ የታተሙ ምስሎችን ቆርጦ ይለጥፋል፣ መጋጠሚያውን በብሩሽ ወይም በሚረጭ ቀለም ይነካካል፣ ከዚያም ሙሉውን እንደገና ፎቶ ያነሳዋል። ጆን ሃርትፊልድ በ1930ዎቹ ለጀርመኑ ኤ አይ ዜት መጽሔት የሠራቸው ቅንብሮችም አንባቢ እጅ የደረሱት ሙሉ በሙሉ በአንድ የኅትመት ዘዴ አልፈው ነው። ዳግም ማንሳቱ ሁለት ሥራ ነበረው። መጀመሪያ የየፎቶው ደቃቅ ግሬን ደብዘዝ ይላል፤ ሌንሱም አዲሱ ፊልምም እስከዚያ ድረስ የደቀቀውን ነገር መያዝ አይችሉምና። ቀጥሎ የአዲሱ ፊልም ግሬን በሁሉም ላይ እኩል ይሰፍራል። ዛሬ ከላይ የሚለበሰው ግሬን ሁለተኛውን ብቻ ወርሶ የመጀመሪያውን ትቶታል። ሳያጠፋ ይጨምራል። የሲኒማ ባለሙያዎች ይህን ስለሚያውቁ ግሬኑን መጀመሪያ ያነሳሉ፣ ያቀናብራሉ፣ ከዚያ መልሰው ያስገባሉ።

ልዩነቱን በቁጥር ለማየት አዲስ አበባ ውስጥ ፎቶ ቤቶች የሚቀበሉትን ዓይነት ሥራ እንውሰድ። ቤተሰቡ በበዓል ማታ ሳሎን ውስጥ በስልክ ተነስቷል። ውጭ አገር ያለችው እህት ደግሞ ምሽት ላይ በደህና ካሜራ፣ አይሶው ከፍ ተደርጎ የተነሳችውን ልካለች። ከእናቷ አጠገብ ትቁም ተብሏል። ፎቶሾፕ ላይ Histogram የሚለውን ሰሌዳ በሰፊው ከፍተን የሳሎኑን ግድግዳ ጥቂት ቦታ ስንመርጥ፣ Std Dev የሚለው ቁጥር የኖይዙን መጠን ይነግረናል። 5 ነው እንበል። የምንመርጠው ቦታ ጥላ የማያልፍበት፣ አንድ ወጥ መሆን አለበት፤ ብርሃኑ ከዳር ወደ ዳር የሚቀያየር ከሆነ ቁጥሩ ከኖይዝ ውጪ ያለውንም ይቆጥራል። ሰሌዳው ላይ ትንሽ የማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘን ከታየች ደግሞ ተነክታ ቁጥሩ ይታደስ።

የእህትየው ቀሚስ፣ ከግድግዳው ጋር የሚቀራረብ ድምቀት ያለው ቦታ ላይ፣ በሙሉ መጠኑ 6 ያሳያል። ነገር ግን ከቤተሰቡ ጋር ቁመቷ እንዲመጣጠን ምስሏ በግማሽ ይቀንሳል። ያን ጊዜ አራት አራት ፒክስሎች ተጨፍልቀው አንድ ስለሚሆኑና አማካያቸው ስለሚወሰድ ኖይዙም በግማሽ ገደማ ይወርዳል፤ 3 ይሆናል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ሳይቀንስ ይለካና እሷ የባሰች መስላው ያጸዳታል።

አሁን 5 እና 3 አሉን። ኖይዝ በኖይዝ ላይ ሲጨመር ቁጥሮቹ እንዲሁ አይደመሩም፤ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ተባዝተው ነው የሚደመሩት። ስለዚህ እህትየዋን 5 ላይ ለማድረስ የሚያስፈልገው 2 ሳይሆን 4 ነው፦ 9 እና 16፣ 25። ይህንን 4 እሷ ላይ ብቻ ብናደርግ ጉዳዩ አለቀ። ያው 4 ከላይ በሁሉም ላይ ቢለበስ ግን እሷ 5 ስትደርስ ግድግዳው ወደ 6.4 ያመልጣል። ልዩነቱ ዓይን ላይ እስኪጠፋ እንጨምር ብንል፣ 12 ብናለብስ፣ ግድግዳው 13፣ እሷ 12.4 ይሆናሉ። ተቀራረቡ፤ የእናትየው ፊት ግን አሸዋ ለበሰ። እኔ ይህን ቅንብር አልለውም፤ መደበቅ ነው።

ከላይ ግሬን ከማልበስ ጋር አብሮ የሚመከር አንድ አሠራር አለ። አዲስ ሌየር በ50 ከመቶ ግራጫ ይሞላል፣ Add Noise ይደረግበታል፣ ሁኔታው Overlay ይደረጋል። ምስሉን ሳይነካ ስለሚሠራ ይወደዳል፣ ምቹነቱም እውነት ነው። ነገር ግን Overlay ከሥሩ ያለው ምስል እየጨለመ በሄደ ቁጥር የኖይዙን ኃይል ይቀንሳል፤ ጥቁር ላይ ጨርሶ ያጠፋዋል፤ ነጭ ላይም እንዲሁ። በመካከለኛው ድምቀት ላይ ጎልቶ ለሚታየው የፊልም ግሬን ይህ ይስማማል። የማታ ዲጂታል ፎቶ ግን ተቃራኒው ነው፤ ኖይዙ የሚብሰው ጥላ ውስጥ ነው። ውጤቱን ለማየት ከላይ ጊዜያዊ የCurves ሌየር አድርጎ ጨለማውን ማጉላት ነው። የሶፋው ሥር በነጠብጣብ ሲሞላ የእህትየዋ ጥቁር ጫማ እንደ ተወለወለ መስታወት ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። Linear Light ቢመረጥ ኖይዙ በሁሉም ድምቀት ላይ እኩል ይጨመራል፤ ከዚያ ጥላው ላይ በማስክ ማጠንከር ይቻላል። እንደ Overlay ሁሉ ይህም ሌየር እሷ ላይ ብቻ መታሰር አለበት።

ቁጥሩ እኩል ሆኖም ዓይን «አይ» የሚልበት ጊዜ አለ። ስልኩ ራሱ ኖይዙን ለማጽዳት ሞክሮ፣ ምስሉንም በጄፔግ ጨምቆ ስላስቀመጠው፣ የቀረው ነጠብጣብ ሁለት ሦስት ፒክስል የሚያህል እብጠት ነው። Add Noise የሚሰጠው ግን አንድ አንድ ፒክስል የሆነ ዱቄት ነው። የኖይዙ ሌየር በግማሽ ፒክስል ገደማ ሲደበዝዝ ቅንጣቱ ይወፍራል፤ መደብዘዙ ኃይሉን ስለሚቀንሰው መጠኑ መልሶ ይጨመራል፣ እንደገና ይለካል። የቀለም ቻናሎቹንም አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል። ቢጫ አምፖል ያለበት ክፍል ውስጥ ካሜራው ሰማያዊውን አጉልቶ ስለሚያስተካክል ሰማያዊው ቻናል ከሌሎቹ የበለጠ ይቆሽሻል፤ Monochromatic ላይ ምልክት አድርጎ የሚያልፍ ሰው ይህን አያገኘውም።

ጥርትነቱ ከዚህ ሁሉ መቅደም አለበት፤ ኋላ የሚመጣ ማደብዘዝ የተጨመረውን ኖይዝ ጠርጎ ይወስደዋልና። በግማሽ የተቀነሰች እህት ከስልኩ ምስል ይልቅ የጠራች ሆና ትወጣለች፤ የአንገት ሐብሏ ዳር ከእናትየው ነጠላ ጥለት ዳር ጋር መቶ በመቶ አጉልቶ ማነጻጸር ይበቃል። ስልኩ ራሱ ምስሉን ስለሚስለው ግን የጥለቱን ዳር ተከትሎ ቀጭን ነጭ መስመር ይኖራል። እሷን ማደብዘዝ ብቻውን አይበቃም፤ ደብዘዝ ካለች በኋላ ያችኑ ነጭ መስመር የምታህል መሳል ያስፈልጋታል።

ይህ መንገድ ግን የማያስኬድበት ሥራ አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚለመነውም እሱ ነው። የሟች አባት ከጉርድ ፎቶ ተወስዶ ልጆቹ መሀል ይቀመጥ ይባላል። ስካን የተደረገች ትንሽ ፎቶ አራት እጥፍ ስትጎላ ግሬኑም አራት እጥፍ ይወፍራል፤ ፊቱም ጥርትነቱን ያጣል። እሱን ማጽዳት የሰም ፊት ይሰጠናል፤ ልጆቹን ወደ እሱ ማውረድ የሁሉንም ፊት ማጥፋት ነው። እዚህ ላይ ባለሙያው ደፍሮ ደንበኛውን «መሀል አይቀመጥም» ቢለው እወዳለሁ። አባትየው በፍሬም ሆኖ ከኋላቸው ግድግዳ ላይ ይሰቀል። ያኔ አራት እጥፍ መጉላት አያስፈልገውም፤ ፎቶ ውስጥ ያለ ፎቶ ስለሆነም የራሱን ግሬን ይዞ መታየቱ ትክክል ነው። የሳሎኑ ኖይዝ ግን በፍሬሙም በምስሉም ላይ፣ ግድግዳው ላይ በተለካው መጠን፣ መግባት ይኖርበታል።