ክቡ ሐይቅና ረጅሙ ሐይቅ

ከገላን ተነስቼ ተማሪዎችን ወደ ስምጥ ሸለቆው ስወስድ፣ ዱከም ሳንደርስ «ጋሼ፣ ገደሉ የት አለ?» የሚለኝ አይጠፋም። ደብረ ሲና ላይ ቁልቁለቱን ያየ ሰው እዚህም ያንኑ ይጠብቃል። በእኛ በኩል ግን ጠርዙ አንድ ወጥ ግድግዳ አይደለም። ትንንሽ ደረጃዎች አሉት፤ እነሱንም እነ የረር ያፈሰሱት ላቫ ሸፍኗቸዋል። ስለዚህ ገደል ፍለጋውን ትተው የሐይቆቹን ቅርጽ እንዲያዩ እነግራቸዋለሁ።

ሊጥ በሁለት እጅ ሲሳብ መሃሉ ይሳሳል። ከሸለቆው ወዲህና ወዲያ ያለው መሬትም በዓመት 5 ሚሊሜትር ገደማ እየተራራቀ መሃሉን ያሳሳዋል። ላይኛው ዓለት ግን እንደ ሊጥ አይለጠጥም፤ ይሰነጠቃል። በትይዩ ስንጥቆች መካከል የቀረው መሬት ይሰምጣል፣ ውሃም ይተኛበታል። አባያ ከ60 ኪሎሜትር በላይ የረዘመው፣ ታንጋኒካም 670 ኪሎሜትር ያህል የተዘረጋው በዚህ ነው።

እሳቱስ? ከስር ያለው ዓለት እጅግ የጋለ ቢሆንም ከላይ የተጫነው ክብደት እንዳይቀልጥ ይዞታል። ክዳኑ ሲሳሳ ጫናው ይቀልለታል፤ ሌላ ሙቀት ሳይጨመርበት ከፊሉ ይቀልጣል። ቅላጩ ስንጥቁን ይዞ ይወጣል፣ አንዳንዴም ራሱ ይሰነጥቃል። በ1998 ዓ.ም. መስከረም አፋር ውስጥ ዳባሁ አጠገብ 60 ኪሎሜትር ያህል መሬት በቀናት ውስጥ ተከፍሎ፣ አንዳንዱ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተራርቋል።

የሜዳ ሥራ ላይ በብዛት የሚያሳስተው ወንዝ የቆረሰው ገደል ነው። አንዴ ሞጆ ወንዝ ዳር አንዱ ተማሪ «ፎልት አገኘሁ!» ብሎ ጮኸ። «ተሻገርና ያንኑ ነጭ አመድ ፈልገው» አልኩት። ማዶም በዚያው ከፍታ ላይ አገኘው። ፎልት ቢሆን አንዱ ወገን ዝቅ ብሎ ይገኝ ነበር። የተፋተገውም ፊት ለስልሶ፣ በጥፍር የተቧጨረ የሚመስል መስመር ይኖረው ነበር።

ቢሾፍቱ ስንደርስ ቅርጹ ይለወጣል፤ ሐይቆቹ ክብ ናቸው። እዚህ የወጣው ቅላጭ ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ተገናኝቶ ፈንድቷል። ለዚህ ነው የቢሾፍቱ ሐይቅ አንድ ኪሎሜትር ገደማ ብቻ ሰፍቶ ከ80 ሜትር በላይ የጠለቀው። ከሱ በብዙ እጥፍ የሚሰፋው ዝዋይ ግን መቂና ቀጠር ደለል ሲያራግፉበት ስለኖሩ 9 ሜትር እንኳ በጭንቅ ነው።

ያ ተማሪ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ የተነባበረውን አመድ ሲመረምር ጭንቅላት የሚያህል ጥቁር ድንጋይ ተሰክቶ አየ። ከድንጋዩ በታች ያለው ንብብር እንደ ሳህን ጎድጉዷል፤ በላይ ያለው ግን ሳይታጠፍ አልፎታል። ከላይኛው ንብብር በፊት፣ የታችኛው አመድ ገና ርጥብ ሳለ ከሰማይ ወድቆበታል ማለት ነው። ከድንጋዩ ስር የጎደጎደው ንብብር የተጋፋው በአንድ ጎን ነበር፤ ተማሪው ድንጋዩ የመጣበትን አቅጣጫ በጣቱ ተከትሎ ቀና ሲል ፊቱ ወደ ሐይቁ ሆነ።