«ማር ብሉ፤ ቢመርም ማሩ»፦ በደብረ ታቦርና በዙሪያው ደጋ የሠርግ ምርቃት ውስጥ የቃል መነሻ ድምፅ

በአማርኛ የቃል ጥበብ ላይ የተጻፈው ሂስ አብዛኛው የሚያየው የስንኝን ጅራት ነው። ቤት መታ፣ ቤት ሳተ እንላለን። ከዚያ አልፈን ከሄድንም የምንሄደው ወደ ሰምና ወርቅ ነው፤ የዶናልድ ሌቪን መጽሐፍ በ1965 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ስም ይዞ ከወጣ ወዲህማ የአማራ ንግግር ሁሉ በዚህ መነጽር ብቻ የሚታይ ሆኗል። የቃል ራስ፣ ማለትም ቃሉ የሚነሳበት ድምፅ፣ ዳኛ አላገኘም። ዳኛ ስላላገኘም ሁለት በደል ደርሶበታል፦ ርካሹ ይጨበጨብለታል፤ ውዱ ሳይሰማ ያልፋል። ሁለቱም በሠርግ ምርቃት ላይ ሲሆኑ ይታያል።

ደቡብ ጎንደርን የመረጥሁት ጆሮ ያለበት አገር ስለሆነ ነው። የድጓው ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አምባ ያሉት በዚሁ ምድር ነው። ከጥምቀት በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ሳይያዝ፣ በጉና ሥር ወይም በደብረ ታቦር ዳርቻ በተተከለ ዳስ ውስጥ ከሚቀመጡት አንዳንዶቹ ድጓ የቀጸሉ፣ ቅኔ የቆጠሩ ናቸው። በእነዚህ ሰዎች ፊት ዋንጫ ይዞ የሚቆም ሽማግሌ የሚናገረውን ያውቃል፤ የሚሰሙትም ያውቁበታል።

ምርቃት ግጥም አይደለም። አዝማሪው በማሲንቆው የሚያወጣው ስንኝ ቤት አለው፤ ጆሮም መጨረሻውን ይጠብቃል። የሽማግሌው ምርቃት ግን ዝርው ነው። አንድ ሐረግ ይወጣል፤ ዳሱ «አሜን» ይላል፤ ሌላው ይከተላል። የሐረጉ መጨረሻ ዘወትር ግስ ነው፤ «ይስጣችሁ»፣ «ያድርግላችሁ»፣ «ይሁን»። ግሱ ከምርቃት ምርቃት ስለማይለዋወጥ ጅራቱ ላይ የሚሠራ ጥበብ ብዙም የለም። ስለዚህ የመራቂው ብልሃት ወደ ሐረጉ ፊት፣ ወደ ስሞቹ ራስ ይሄዳል። የመነሻ ድምፅ በምርቃት ውስጥ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ቤት በሌለበት የቤትን ሥራ የሚሠራ ነው።

ከድምፆቹ ሁሉ የሠርግ ቀለም የሆነው «መ» ነው። ሙሽራ፣ ሙሽሪት፣ ሚዜ፣ ማጫ፣ መልስ፣ ምርቃት፤ የሥርዓቱ ቃላት ራሳቸው በእርሱ ይነሳሉ። ወደ ቤቱ ስንገባም ሞሰብ፣ ምድጃ፣ ምጣድ፣ ምሰሶ፣ ማጀት፣ ማር እናገኛለን። አንድ ሽማግሌ «መ»ን መርጦ ሲመርቅ ድምፁን ከውጭ አላመጣውም፤ ከዳሱ ውስጥ ለቀመው።

ነገር ግን ይኸው «መ» የአማርኛ ሰዋስው ያለ ዋጋ የሚያድለው ድምፅም ነው። ግስ ሁሉ ንዑስ አንቀጽ ሲሆን በ«መ» ይነሳል። በከተማ አዳራሽ ድምፅ ማጉያ የጨበጠ መድረክ መሪ «መዋደድን፣ መከባበርን፣ መተሳሰብን፣ መቻቻልን፣ መደጋገፍን ይስጣችሁ» ሲል እልልታው ይቀልጣል። አምስት ቃል በአንድ ድምፅ ተነስቷል፤ ሰውም «አቤት አንደበት!» ይላል። እኔ ግን በዚህ ውስጥ ጥበብ አላገኘሁም። መጥላትም፣ መካሰስም፣ መለያየትም በ«መ» ይነሳሉ። ለየትኛውም ግስ ሊሰጥ የሚችል ድምፅ ለማንኛውም የተመረጠ አይደለም።

ማጣራቱ ቀላል ነው። ቅጥያውን ንቀሉና ሥሩን ተመልከቱ። መዋደድ «ወደደ» ይሆናል፤ መከባበር «ከበረ»፤ መቻቻል «ቻለ»፤ መደጋገፍ «ደገፈ»። አንድነቱ ወዲያው ይበተናል። ምክርን ብትነቅሉት «መከረ»፣ ምስጋናን «አመሰገነ»፣ ምሽትን «መሸ» ታገኛላችሁ፤ «መ» ከሥሩ ጋር ይቀራል። የመጀመሪያውን የተውሶ መነሻ፣ ሁለተኛውን የሥር መነሻ ልበላቸው። «በቤታችሁ፣ በከብታችሁ፣ በእርሻችሁ» የሚለው የ«በ» ድርደራም የተውሶው ወገን ነው፤ የሐረጉን ቅርጽ ይደግማል እንጂ የቃሉን ድምፅ አይደግምም።

ጎረቤታችን ሶማልኛ ይህን ጉዳይ በደንብ ያብራራዋል። በሶማሌ ግጥም የመነሻ ድምፅ ግዴታ ነው፤ ገጣሚው አንድ ድምፅ ከያዘ ግጥሙ እስኪያልቅ በየስንኙ ይዞት ይዘልቃል። ሶማልኛ ቅጥያውን በአብዛኛው ከቃሉ ኋላ ስለሚያስከትል የቃሉ ራስ የሥሩ ራስ ሆኖ ይቀራል። የእኛ ቋንቋ ግን የ፣ በ፣ ለ፣ ከ፣ ይ፣ ስ፣ እያለ በቃሉ ፊት ይደርባል። «ባርክ» ሲባል «በ» ፊት ቆሞ በጠንካራው ይፈነዳል። «ይባርካችሁ» ሲባል ግን ወደ ሁለተኛ ቦታ ይወርዳል፤ በሁለት አናባቢ መካከል ስለሚገባም ላልቶ ከንፈር እምብዛም ሳይገጥም ያልፋል። ቦታውንም ጉልበቱንም በአንድ ጊዜ ያጣል። ስለዚህ በአማርኛ የሥር መነሻን ጠብቆ መመረቅ ከሰዋስው ጋር መታገል ነው፤ መራቂው በፊታቸው ቅጥያ የማይሸከሙ ስሞችንና እንደ «ብሉ»፣ «ውለዱ» ያሉ የትእዛዝ ግሶችን መምረጥ አለበት። «ውለዱ፣ ክበዱ» እስከ ዛሬ ጉልበቱን ያልጣለው ቃሎቹ በሥራቸው ስለሚነሱ ጭምር ይመስለኛል።

ይህ ሁሉ በአንድ ምርቃት ላይ እንዲታይ፣ ለትንተና ብዬ እኔው በአገሩ ሥርዓትና ቃል ያዋቀርሁትን ሦስት ሐረግ ላቅርብ፦

ሙሽሮች፣ ሙሉ ሞሰብ፣ ሙቅ ምድጃ ይስጣችሁ። አሜን።
ማር ብሉ፤ ቢመርም ማሩ። አሜን።
ምሽታችሁ ምክር፣ ማለዳችሁ ምስጋና ይሁን። አሜን።

በመጀመሪያ «መ» በየትኛው አናባቢ እንደሚሄድ ስሙ። አንደኛው ሐረግ ሙ፣ ሙ፣ ሞ፣ ሙ ብሎ በ«ም» ያርፋል፤ ካዕብና ሳብዕ ስለሆነ ከንፈር ክብ ሆኖ ይቆያል። አዲስ አበቤው «መሶብ» የሚለውን የጎንደር ሰው «ሞሰብ» ማለቱ እዚህ ጥቅም አለው፤ በ«መሶብ» ቢነገር ክቡ ከንፈር መካከል ላይ ይፈርስ ነበር። ሁለተኛው ሐረግ በራብዕ ይነሳል፣ በራብዕ ይመለሳል፤ ማር፣ ማሩ። አፍ ወለል ይላል። ሦስተኛው ከአንዱ «ማለዳ» በቀር ሳድስ ነው፤ ም፣ ም፣ ም እያለ አፍ ይሰበሰባል፣ ድምፁም ዝቅ ይላል። ድምፁ አንድ ሆኖ አፉ ግን ከክብ ወደ ክፍት፣ ከክፍት ወደ ዝግ ይጓዛል። ለዚህ ነው ተደጋግሞም የማይሰለቸው። አምስቱም በ«መ» ግዕዝ የሚነሱት የመዋደድ፣ የመከባበር ድርደራዎች የሚሰለቹትም በተቃራኒው ምክንያት ነው፤ አፍ ከቆመበት አይነቃነቅም።

አሁን ወደ መካከለኛው ሐረግ ልመለስ፤ ልቤ ያለው እዚያ ነው። «ማሩ» ኅብረ ቃል ነው። ከ«ማር ብሉ» ቀጥሎ ሲሰማ ጆሮ መጀመሪያ የሚይዘው «ማሩ ቢመርም» የሚለውን ሰም ነው፤ ብሉት የተባለው ማር። ወርቁ «ይቅር በሉ» ነው፤ ኑሮ ሲመራችሁ ማሩ። «ቢመርም» ላይ «መ» በ«ቢ» ተሸፍኖ ከመነሻው ይወርዳል፤ መራራው ነገር ከቃሉ ውስጥ ተሸሽጎ ነው የሚመጣው። ግራና ቀኙ ግን «ማር» እና «ማሩ» ፊት ለፊት ቆመው ይይዙታል። የመነሻ ድምፅ እዚህ ጆሮን ከማስደሰት አልፎ ጣፋጩን፣ መራራውንና ይቅርታውን የአንድ ቤት ልጆች አድርጎ ያሳያል። ትዳርን በአራት ቃል እንዲህ የሚናገር ሌላ መንገድ እኔ አላውቅም።

በሠርግ ዳስ መራራ ነገር አይጠራም የሚል ሽማግሌ ሊነሳ ይችላል። ነገር ግን «ክፉ አይንካችሁ» ስንል ክፉን እንጠራለን፤ ምርቃት መከራን በስሙ እየጠራ ከደጅ የሚመልስ ንግግር ነው።

ሌላው መታየት ያለበት ግሱ ነው። «ይስጣችሁ» እና «ይሁን» በ«መ» አይነሱም፤ መነሳትም የለባቸውም። ስሞቹ ድምፁን ይከምራሉ፤ ግሱ ይለቀዋል፤ ጆሮም ትንፋሽ ያገኛል። ከዚያ ዳሱ «አሜን» ሲል ከንፈሮች «ሜ» ላይ እንደገና ይገጥማሉ። መራቂው የጀመረው ድምፅ በመቶ አፍ ተመልሶ ይመጣል። በ«ሰ» ወይም በ«ከ» የሚመርቅ ሰው ይህን መልስ አያገኝም። የመነሻ ድምፅን በመራቂው አንደበት ብቻ የሚመዝን ሂስ ግማሹን ትቶ ነው የሚመዝነው፤ «አሜን» የሐረጉ የመጨረሻ ቃል ነው።

ድንበሩም ሊታወቅ ይገባል። ከሦስት ወይም ከአራት ሐረግ በላይ በአንድ ድምፅ የሚሄድ ምርቃት ቃል እየፈለገ ሐሳብ መጣል ይጀምራል። ምልክቱም ግልጽ ነው፤ ሙሽሮቹን የማይመለከት ቃል ድምፁን ለመሙላት ብቻ ሲገባ ይሰማል። የእኔው ሦስት ሐረግ ላይ «ምጣድ» እና «ምሰሶ»ን ብጨምር ዕቃ ቆጠራ ይሆን ነበር። የጻፈውን የሚያነብ መራቂ ደግሞ በዓይኑ ይታለላል። «ሠርግ»፣ «ሰላም»፣ «ሥራ» በፊደል ቢለያዩም በጆሮ አንድ ናቸው። «ጸሎት»፣ «ጤና»፣ «ጥጋብ» በወረቀት ላይ አይገጥሙም፤ «ጠሎት» በሚል የባላገር አፍ ግን ይገጥማሉ። ዳኛው ጆሮ ነው፤ ያውም የተናጋሪው አገር ጆሮ።

ፍርዴ ይህ ነው። የንዑስ አንቀጽ ድርደራ ምርቃት አይባልም፤ የሰዋስው ሠንጠረዥ ነው፤ ጭብጨባውም ይብቃው። ዋንጫ ይዞ በጥቂት ቃል የሚመርቀው ሽማግሌ ግን የቅኔ መምህር የሚያገኘው ዓይነት ጥንቃቄ ያለው ትንታኔ ይገባዋል። ምርቃት የምትቀዱና የምትጽፉ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች፣ ቃሉን አገሬው እንደሚለው ጻፉት፤ «ሞሰብ» ካለ «መሶብ» ብላችሁ አታርሙት። እያንዳንዱ «አሜን» የወደቀበትንም ቦታ ሳትዘሉ አስፍሩ።