ከሳቢያን ከዚራ በአራት ሐረግ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ያለ ሻይ ቤት። የቀኑ ሙቀት መለስ ሲል ሁለት ጓደኛሞች እዚህ ይገናኛሉ። አንደኛው ባጃጅ ይነዳል። ሌላኛው ተረብ ይጽፋል፤ ደብተሩንም ከኪሱ አይለይም። ተረብ ሲባል ብዙ ሰው አፍ ላይ እንደመጣ የሚወረወር ነገር ይመስለዋል። የዚህን ልጅ ደብተር ገልጬ ካየሁ በኋላ እኔ እንደዚያ አላስብም። ለሁለት ስንኝ አንድ ሙሉ ገጽ ሰርዟል።

የሚጽፍበት ልክ የወል ቤት የሚባለው ነው። አንድ ስንኝ ሁለት ሐረግ አለው፤ እያንዳንዱ ሐረግ ስድስት ቀለም ይይዛል። በመሃላቸው ትንፋሽ ታርፋለች። ቀለም የሚቆጠረው በጆሮ እንጂ በፊደል አይደለም። «ከዚራ ላይ ጣልካት» ሲጻፍ ዘጠኝ ፊደል ነው፤ ሲነገር ግን ከ፣ ዚ፣ ራ፣ ላይ፣ ጣል፣ ካት፣ ስድስት ነው። ሳድሶቹ ይ፣ ል እና ት ከፊታቸው ባለው ድምፅ ላይ ተደግፈው ያልፋሉ። ልጁ ይህን የሚለካው በጣቱ ነው። ጠረጴዛውን ስድስት ጊዜ ይመታል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ስድስት ጊዜ ይመታል። ጣቱ ሰባተኛ ከመታ ቃል ይወጣል።

የዚያን ቀን ዒላማው የጓደኛው ባጃጅ ነበረች። አርጅታለች፣ ዳገት ላይ ታቃስታለች፤ ባለቤቷም ይህን አይክድም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጓደኛው ራሱ ሊስቅበት የሚችለው ነገር ሲመረጥ ነው ተረቡ የሚሠራው። እናቱን፣ መልኩን ወይም ያጣውን ነገር ቢነካ ግጥሙ ቤት ቢመታም ጨዋታው እዚያው ያበቃል።

የመጀመሪያው ሙከራ እንዲህ ይላል፦

ባጃጅህ ስትሄድ፣ ቀንድ አውጣ ቀደማት፣

ቀለሙ ስድስት በስድስት ነው፤ እንከን የለውም። ግን ሰርዞታል። ቀንድ አውጣ ለዘገየ ሁሉ የሚሰጥ ስም ነው፤ ለዚህች ባጃጅ የተሰፋ ልብስ አይደለም። ደግሞም ማነጻጸር ብቻ ነው። ሰሚው ሰምቶ ይጨርሰዋል፤ የሚያየው ነገር የለም።

ከሥሩ ሁለተኛው አለ፦

ከሳቢያን ጫንካት፣ ሙሽራ ነበረች፣
ከዚራ ስትደርስ፣ አያት ሆና ወጣች።

አሁን ታሪክ ተገኘ። ሳቢያን እና ከዚራ የአንድ ከተማ ሰፈሮች ናቸው፤ የባጃጅ መንገዱ የደቂቃዎች ነው። ልጁ ያንን መንገድ የዕድሜ ልክ አደረገው። ግነቱ የሚይዘው ሰፈሮቹ እውነት ስለሆኑ ነው። ሰሚው መንገዱን በየቀኑ ስለሚሄድበት ምን ያህል እንደተለጠጠ ወዲያው ይለካዋል። ሳቢያንን አውጥቶ ሩቅ አገር ቢያስገባ ኖሮ ውሸቱ ያንስ ነበር፤ ሩቅ መንገድማ ያስረጃል።

ይህንንም ሰርዟል። ምክንያቱን ስጠይቀው ጣቱን በሁለቱ «ች»ዎች ላይ አሳረፈ። «ነበረች» እና «ወጣች» ቤት የሚመቱት በቅጥያቸው ነው። በአማርኛ ስለ አንዲት ሴት የሚነገር ያለፈ ድርጊት አብዛኛውን ጊዜ በ«ች» ያልቃል፤ በላች፣ ሄደች፣ ተኛች። ቋንቋው በነፃ የሰጠው ስለሆነ ጆሮ አይደነቅም። ሁለተኛው ጥፋት «አያት» የሚለው ቃል ነው። ሳቁን ቀድሞ ይናገረዋል።

ከብዙ ጭረት በኋላ ከገጹ ግርጌ ይህ ተጽፏል፦

ከሳቢያን ጫንካት፣ ገና ሙሽራ ናት፣
ከዚራ ላይ ጣልካት፣ የልጅ ልጇ ጠራት።

ምን እንደተለወጠ ቀስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። «ነበረች» ወጥቶ «ናት» ገባ፤ ሙሽራዋ አሁን፣ እፊታችን፣ ቬሎዋን ሰብስባ ትሳፈራለች። «ስትደርስ» ወጥቶ «ጣልካት» ገባ። ይህ የባጃጅ ተሳፋሪ ቃል ነው፤ «እዚህ ጋ ጣለኝ» እንደሚባለው። ከዚያ በላይ ግን «ጫንካት» እና «ጣልካት» በሁለቱ ስንኞች መሃል፣ ትንፋሽ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ተገጣጠሙ። ቤቱ ዳር ላይ ብቻ ሳይሆን ውስጥም መታ፤ ካት፣ ናት፣ ካት፣ ራት። ሰሚው በሁለት ስንኝ አራት ጊዜ ይመታል። «ሙሽራ» ውስጥ ያለችው «ራ» ደግሞ «ጠራት» ውስጥ ተመልሳ ትመጣለች፤ እኔ ሦስተኛ ጊዜ ካነበብኩት በኋላ ነው የሰማኋት።

አያትነቷን ማንም አልነገረንም። የልጅ ልጇ ጠራት፣ በቃ። በዚያች መንገድ ላይ መውለዷን፣ ማሳደጓን፣ መዳሯን ሰሚው ራሱ ይሞላዋል። ሳቁም ከመጨረሻው ቃል በኋላ፣ ግማሽ እስትንፋስ ያህል ዘግይቶ ይመጣል።

አንድ ስስ ቦታ አለው። «ገና» ላልቶ መነበብ አለበት። ከጠበቀ በዓሉ ይሆናል፤ ሙሽራዋም የታኅሣሥ ሙሽራ ትሆናለች። ጽሕፈታችን ማጥበቅና ማላላትን ስለማያሳይ ይህን የሚጠብቀው የአንባቢው አፍ ብቻ ነው። ሰምና ወርቅ የሚሠራ ገጣሚ እንዲህ ያለውን ክፍተት ሆን ብሎ ይፈልገዋል። እዚህ ግን የሚያሳስት ነገር ነው፤ ስለዚህ ልጁ «ገና» ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያልፋል።

ባለባጃጁ ሰማ፣ ሳቀ፣ ሻዩን አስቀመጠ። ደብተር የለውም። ጓደኛው ሒሳብ ሲመጣ ኪሱን የማይከፍት መሆኑን ግን ጠረጴዛው ሁሉ ያውቃል። ትንሽ ቆይቶ እንዲህ አለ፦

ኪስህ ያለችው ብር፣ ጃንሆይን ታውቃለች፣
ፀሐይ ብታያት ግን፣ ደንግጣ ታልቃለች።

የጃንሆይ ምስል ያለበት ብር የተቀየረው በ1969 ዓ.ም. ነው። ሁለቱም ያን ጊዜ አልተወለዱም። ብሯ ከዚያ ወዲህ ከኪስ አልወጣችም ማለት ነው፤ ስስቱም ዓመት ተቆጠረለት። ከዚያ የድሬ ፀሐይ መጣች። በዚህ ከተማ ፀሐይን ለግነት መበደር አያስፈልግም፤ እፊት ለፊት ቆማለች።

ይህ ግጥም ውስጡ ቤት አይመታም። «ብር» እና «ግን» አይተዋወቁም። ዳር ላይ ያለው ግን ከባለደብተሩ የተሻለ ነው። «ታውቃለች» እና «ታልቃለች» የሚለያዩት በአንድ ፊደል፣ በ«ው» እና በ«ል» ብቻ ነው። ቤቱን የያዘው ቅጥያው ሳይሆን የቃሉ ሥር ነው፤ «ቃ» ከማወቅም ከማለቅም የመጣች ናት። «ግን» ቀለም ለመሙላት የገባች እንዳትሆን ጠርጥሬ ነበር። እንዲህ ያሉ ጠጋኞች ብዙ ናቸው፤ «እኮ»፣ «ደግሞ»፣ እዚህ ከተማ ደግሞ «አቦ»። አውጥቼ ሞከርኩት። ቀለሙ አምስት ሆነ፤ ከዚያም ይልቅ ግጥሙ መታጠፊያውን አጣ። ጃንሆይን የሚያህል ዕድሜ ያላት ብር በአንድ እይታ የምታልቀው በዚያች ቃል ላይ ተጠምዝዛ ነው። ትቆይ።

ባለደብተሩ አልተቆጣም። አዲስ ገጽ ገለጠና «ባጃጄ ስትሮጥ» ብሎ ጻፈ፤ በጓደኛው አፍ ገብቶ ጉራውን ሊነፋለት ነው። ስድስት ቀለም። ከዕረፍቱ ወዲያ ያለውን ሐረግ ጀመረና ጣቱ አምስት ላይ ቆመ። ጠረጴዛውን እንደገና መታ፤ አሁንም አምስት። ሻዩ ቀዝቅዟል። ባለባጃጁ ሒሳቡን ከፈለና ቁልፉን አነሳ። ባለደብተሩ አሁንም እየመታ ነበር፣ አምስት፣ ዕረፍት፣ አምስት።