ጥም ሳይመጣ መጠጣት

ረጅም ሩጫ የሚጀምር ሰው «በየስንት ደቂቃው ውሃ ልጠጣ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሴ «ሲጠማህ ጠጣ» ነው። «ጥም ከተሰማህማ ዘግይተሃል» የሚሉ አሰልጣኞች አሉ። እኔ አልስማማም፤ በተለይ እንደ ደብረ ታቦር ባለ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሚገኝ ብርዳማ አገር ይህ ምክር አደገኛ ነው። በብርድ የሚሮጥ ሰው የሚያልበው ጥቂት ነው፤ የመጠጡ መጠን ግን ለቆላ የተጻፈው ነው።

ስልሳ ኪሎ የሚመዝን ጀማሪ ወደ ጉና አቅጣጫ አምስት ሰዓት እየሮጠና እየተራመደ ይሄዳል እንበል። በሰዓት አንድ ሊትር ጠጥቶ ግማሽ ሊትር ቢያልበው፣ ሲመለስ ሁለት ተኩል ሊትር ውሃ ተርፎታል። በሌላ ቀን ኩላሊቱ ይህን በሽንት ያስወጣው ነበር። ድካም፣ ሕመምና ማቅለሽለሽ ግን ውሃ የሚያስቀረውን ሆርሞን ስለሚቀሰቅሱ ሽንቱ ይቀንሳል። ምንም ካልሸና፣ 140 የነበረው የደሙ ሶዲየም ወደ 128 ሚሊሞል በሊትር ይወርዳል፤ ጤናማው ዝቅተኛ ወሰን 135 ነው። ትርፉ ውሃ ወደ ሴሎች ይገባል። እጅና እግር ሲያብጥ ቦታ አለው፤ አንጎል ግን በራስ ቅል ውስጥ ስለተዘጋ መስፊያ የለውም። ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ መቀባዠር፣ ከዚያም መንቀጥቀጥ ይከተላል።

«ውሃው ላይ ጨው ብንጨምርስ?» ይባላል። በተለመደው የስፖርት መጠጥ ውስጥ ያለው ሶዲየም በሊትር 20 ሚሊሞል ገደማ ነው፤ የደም አንድ ሰባተኛ ማለት ነው። ያው ሯጭ ያንኑ አምስት ሊትር በዚህ መጠጥ ቢተካው ሶዲየሙ 131 አካባቢ ይሆናል፤ አሁንም ከወሰኑ በታች ነው። ጥፋቱ ያለው በመጠኑ ነው። በ2002 (እ.ኤ.አ.) በቦስተን ማራቶን ደማቸው ከተመረመረ 488 ሯጮች 13 በመቶዎቹ ሶዲየማቸው ወርዶ ተገኝቷል፤ ከሁሉ በላይ ከዚህ ጋር የተያያዘውም በሩጫው ክብደት መጨመር ነበር። ኃይሌ ገብረሥላሴ ግን በ2009 ዱባይ ላይ ከሰውነቱ ክብደት አስር በመቶ ገደማ ቀንሶ በ2:05:29 አሸንፏል። ሁሉም ይህን ያህል ይቀንስ አልልም፤ ጥቂት መቅለል ግን አያስፈራም።

ጠንካራው ተቃውሞ የሙቀት ነው፦ ደገኛው ልጅ ወርዶ ቆላ ሲሮጥ ላቡ ይበዛል። እውነት ነው፤ ግን ጥሙም አብሮ ይጨምራል፤ የሰዓት ሠንጠረዥ ይህን አያውቅም። የሚጠራጠር ሰው ከልምምድ በፊትና በኋላ ይመዘን። ከብዶ ከተመለሰ ከመጠን በላይ ጠጥቷል።

የሚያሳስበኝ ሯጩ ሲወድቅ የሚደረገው ነው። «ውሃ አጥሮት ነው» ተብሎ ውሃ ይጋታል፣ ወይም ግሉኮስ ይሰቀልለታል፤ ሁለቱም ያብሱበታል። ክብደቱ ጨምሮ የሚቀባዥር ሰው መጠጥ ተከልክሎ በፍጥነት ሐኪም ቤት መድረስና ሶዲየሙ መለካት አለበት። ሐኪሙ በደም ሥር የሚሰጠው ከደም የበለጠ ጨው ያለው 3 በመቶ የጨው ፈሳሽ ነው፦ 100 ሚሊሊትር በአስር ደቂቃ፣ ካልተሻለውም ይደገማል።