ግማሹ የተቆረጠ ሐዲስ፦ ስለ ሐበሾች የሚጠቀስ ዘገባ በአጭር ቪዲዮ

በአጫጭር ቪዲዮዎች ስለ ሐበሻ ከሚጠቀሱት ቃላት አንዱ፣ ሐበሾች እስካልነኳችሁ ድረስ አትንኳቸው የሚል መልእክት ያለው ነው። ይህ ቃል «ቁርኣን እንዲህ ይላል» ወይም «ቡኻሪ ዘግበውታል» ተብሎ ከቀረበ ምንጩ ተሳስቷል። መጨረሻው ተቆርጦ ከቀረበ ደግሞ ትርጉሙም ይዛባል።

ሐበሻ የሚለው ስም በቁርኣን ውስጥ በየትኛውም አንቀጽ አይገኝም። ቃሉ ሐዲስ ነው፤ በሱነን አቢ ዳውድ፣ በመላሒም ክፍል፣ ከዐብዱላህ ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ.) ተዘግቧል። በዚያው ክፍል ያለ ሌላ ዘገባ ሐበሾችንና ቱርኮችን አጣምሮ ያነሣል።

የዐብዱላህ ዘገባ ግን በትእዛዙ አያበቃም። ምክንያቱን ሲያስከትል፣ የካዕባን ሀብት የሚያወጣው ከሐበሻ የሆነ፣ ቀጫጭን ባቶች ያሉት ሰው መሆኑን ይናገራል። የመጀመሪያው ስደት ውለታ በዘገባው ውስጥ አልተጠቀሰም። አቡ ዳውድም ምዕራፉን የሰየሙት ሐበሾችን መቀስቀስ ክልክል ስለ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ቃሉን የተረዱት እንደ ጥንቃቄ ነው። ወደ ቡኻሪ የሚያሳስተውም ይኸው ሰው ነው፤ ካዕባን ስለ ማፍረሱ ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ዘግበዋል፤ «ተዉአቸው» የሚለው ትእዛዝ ግን በዚያ የለም።

በደብረ ብርሃንም ሆነ በአንኮበርና በዓልዩ አምባ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ገበያ ይገናኛሉ፤ አንዱ የተመለከተው ቪዲዮ ለሌላውም ይደርሳል። ግማሹን እንደ ምስጋና ያስተማርነው ወጣት፣ ቀሪውን ከሌላ ሰው ሲሰማ እንደ ስድብ ሊወስደው ወይም መምህሩ ደበቀኝ ሊል ይችላል። ዘገባው የሚናገረው ግን ስለ አንድ ሰው እንጂ በአንድ ሕዝብ ላይ ስለ ተላለፈ ፍርድ አይደለም። ይህን ማስረዳት የሚቻለው ሙሉውን ያቀረበ መምህር ብቻ ነው።

ስለዚህ ቪዲዮውን ከማሰራጨታችን በፊት የአማርኛውን ትርጉም ወደ ዐረብኛ ቃሉ እንመልሰው፤ በአማርኛ ብቻ መፈለግ ተርጓሚው የመረጠውን ቃል እንጂ ምንጩን አያገኝም። ከዚያም በመጽሐፉ ውስጥ ከቃሉ በፊትና በኋላ ያለውን፣ የምዕራፉንም ርእስ እናንብብ። የሐዲስ ቁጥር ከኅትመት ኅትመት ስለሚለያይ፣ ከቁጥሩ ጋር የመጽሐፉን፣ የክፍሉንና የዘጋቢውን ስም በምስሉ ላይ እንጻፍ። መገኘቱም ትክክለኛነቱን አያረጋግጥም፤ የሰነዱን ደረጃ የሐዲስ ሊቃውንት ከሰጡት ብይን እንጠይቅ። ከቪዲዮው በስተጀርባ የቁርኣን ንባብ ማሰማትም ይቅር፤ ተመልካቹ ሐዲሱን አንቀጽ አድርጎ የሚወስደው በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በድምፅም ጭምር ነውና።